«ጥሩ አገልግሎት» ከሚለው መልስ ባሻገር፦ በጎንደር ማራኪ አካባቢ የሰፈር ሱቅ ደንበኞች ላይ የተሠራ የመመረቂያ ጥናት

ሦስት የማርኬቲንግ ተመራቂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመረጡት ርዕስ «የጎንደር ከተማ ነዋሪዎች ከሰፈር ሱቅ ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። የሰፈር ሱቅ የሚሉት ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ከባንኮ ኋላ ቆሞ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሻማና የስልክ ካርድ የሚሸጥበትን፣ ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ቆሞ የሚገዛበትን ትንሽ ሱቅ ነው። ርዕሱ ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ግን ሰው «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስና ሱቅ ሲመርጥ የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ የማይገጣጠሙ መሆናቸው ነው። ጥናቱ የተቃናው ይህ ክፍተት በጊዜ ስለታየ ነው፤ የታየውም ዋናው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በተደረገው የሙከራ መጠይቅ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መጠይቅ

የመጀመሪያው ረቂቅ የተዘጋጀው «ሰርቭኳል» ከተባለው የአገልግሎት ጥራት መለኪያ ላይ ነው። መለኪያው በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታተመ ሲሆን በአምስት ዘርፎች የተከፈሉ 22 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች በጣም የተለመደ ነው፤ ለባንክና ለሆቴል ጥናትም ያገለግላል። ለሰፈር ሱቅ ግን ቃል በቃል ሲተረጎም «ሠራተኞቹ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ልብስ ይለብሳሉ»፣ «ድርጅቱ ዘመናዊ መሣሪያዎች አሉት» የሚሉ ጥያቄዎች ይወጣሉ። ባለቤቱ ብቻውን በሚሸጥበት፣ መሣሪያ ቢባል ሚዛንና ፍሪጅ ብቻ ባለበት ሱቅ እነዚህ ጥያቄዎች የሚለኩት ነገር የለም። ሰው ግን ይመልሳል። አደጋውም ይኸው ነው፤ ትርጉም የሌለው ጥያቄ ባዶ ሆኖ አይመለስም፣ በቁጥር ተሞልቶ ይመለሳል እንጂ።

ሙከራው በአሥራ ሁለት ሰዎች ላይ ተደረገ። መጠይቁን ሰጥቶ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ «ይህ ጥያቄ ምን የሚጠይቅ መሰለዎት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» እና «ሲመልሱ የትኛውን ሱቅ አሰቡ?» ተብለው ተጠየቁ። በዚህ መንገድ ሦስት ነገሮች ወጡ።

አንደኛ፣ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» የተደረደረው ባለ አምስት ደረጃ ሚዛን ምንም አልለየም። ዋጋ አስፈላጊ ነው? በጣም። ጥራትስ? በጣም። ቅርበትስ? እሱም በጣም። ለመልስ ሰጪው ይህ ውሸት አይደለም፤ ሁሉም ያስፈልገዋል። ለባለሱቁ ግን የሚጠቅመው አንዱን ለማግኘት የትኛውን ለመተው ፈቃደኛ እንደሚሆን ማወቅ ነው፤ ይህ ሚዛን ደግሞ ምንም እንዲተው አያስገድደውም።

ሁለተኛ፣ «ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ሚዛኑም ትክክለኛ ነው» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው። ዋጋውን የተቀበለ፣ ሚዛኑን የሚጠራጠር ሰው የት ያክብብ? አብዛኞቹ መካከሉን አከበቡ፤ ሲጠየቁም መካከሉን የመረጡት ግዴለሽ ሆነው ሳይሆን ግማሹን ብቻ ስለተቀበሉ እንደሆነ ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ ወርኃዊ ገቢ ሲጠየቅ ሰው ወይ ይዘላል ወይ ያሳንሳል። ከዚህም በላይ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ያሉት መልሶች አጠር አጠር ይላሉ፤ ጠያቂው ከየት እንደመጣ መጠራጠር ይጀመራል። በገቢ መጠን ፋንታ «ገንዘብ በእጅዎ የሚገባው በወር ነው፣ በየቀኑ ነው፣ ወይስ ከቤተሰብ ይላክልዎታል?» የሚል ተተካ። ይህን ሁሉም ያለ ችግር መለሰ። ስለ ሱቅ ለማወቅም ከገቢው መጠን የበለጠ ጠቀመ፤ ዱቤ የሚያስፈልገው ገንዘቡ ስላነሰ ብቻ ሳይሆን የሚገባበት ቀን ከሚወጣበት ቀን ጋር ስለማይገጥምም ነውና።

የተለወጠው መጠይቅ

አዲሱ መጠይቅ በአስተያየት ሳይሆን በመጨረሻው ግዢ ይጀምራል። «ዛሬ አሁን ምን ገዙ? በስንት? እንዴት ከፈሉ?» ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይከተላል፦ «ባለፉት ሰባት ቀናት ቅርብዎ ያለውን ሱቅ አልፈው ሌላ ሱቅ የሄዱበት ጊዜ አለ? ምን ሊገዙ? ለምን?» ሰባት ቀን የተመረጠው ሰው የዘወትር ትንሽ ግዢን ከዚያ በላይ በትክክል ስለማያስታውስ ነው። በወር ቢሆን ኖሮ የሚነገረው ያደረገው ሳይሆን የሚያደርገው የሚመስለው ይሆን ነበር። ሰው ቅርብ ሱቅ ትቶ ሲሄድ እግሩ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው፤ ጥያቄው ያንን ለመያዝ የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ስምንት ካርዶች ይዘረጋሉ፦ ዋጋ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ዱቤ፣ ዝርዝር ገንዘብ መኖር፣ የዕቃ መሟላት፣ በጠዋት ከፍቶ አምሽቶ መዝጋት፣ በስልክ መክፈል፣ አቀባበል። መልስ ሰጪው የሚበልጡበትን ሁለት፣ ቢቀር ግድ የማይሰጠውን አንድ ያነሳል። ማንበብ ለማይችሉ በካርዱ ላይ ሥዕል ተሣለ፦ የሚዛን፣ የተከፈተ ደብተር፣ የሳንቲም፣ የስልክ። ካርዶቹ ለእያንዳንዱ ሰው ይበወዛሉ፤ ካልተበወዙ መጀመሪያ የሚታየው ካርድ ያለ ምክንያት ይመረጣል።

መጨረሻው አንድ ክፍት ጥያቄ ነው፤ «ባለሱቁ አንድ ነገር ይለውጥ ቢባል ምን ይሁን?»። ሙሉው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ይወስዳል። ዘይት ወይም ዳቦ ይዞ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ አይታገሥም፤ ሲቸኩል ደግሞ ክፍት ጥያቄውን «ሁሉም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይዘጋዋል።

ስንት ሰው፣ የትኛው ሱቅ

ለናሙና መጠን ተማሪዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ቀመር ይህ ነው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
```

N የሕዝቡ ብዛት፣ e የሚፈቀደው ስሕተት ነው። e 0.05 ከተባለ፣ N ብዙ መቶ ሺህ ሲሆን ውጤቱ ሁልጊዜ 400 ገደማ ይሆናል። ቡድኑም መጀመሪያ የከተማውን ሕዝብ አስገብቶ 400 አገኘ። ችግሩ ቁጥሩ አይደለም፤ አራት መቶ ሰው በጥንቃቄ ለመጠየቅ ለሦስት ተማሪ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ለመሙላት ያለው ፈተና የመጠይቁን ሊንክ በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ነው። ያን ጊዜ መልስ ሰጪዎቹ የክፍል ጓደኞች ይሆናሉ፤ ርዕሱ ግን አሁንም «የጎንደር ነዋሪዎች» ይላል። በዘፈቀደ ያልተገኘ አራት መቶ ሰው በቀመሩ የታሰበውን ትክክለኛነት አይሰጥም፤ ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል ካለው ብቻ ነው።

ከአማካሪ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ጥናቱን ወደ አንድ አካባቢ፣ ወደ ማራኪ አጠበቡት። አካባቢው የተመረጠው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለበት ቤት የተከራዩ ተማሪዎችና የቆዩ ነዋሪዎች ከአንድ ሱቅ ስለሚገዙ ነው። የሱቆች ዝርዝር ከጽሕፈት ቤት ቢገኝም የንግድ ፈቃድ ዝርዝር የተዘጋውን ይይዛል፣ በቅርቡ የተከፈተውን አይይዝም። ስለዚህ መንገድ ለመንገድ እየተራመዱ በእጅ ካርታ ሣሉ፣ እያንዳንዱን ሱቅ ቁጥር ሰጡ። 60 ሱቅ ተመዘገበ። ከአንድ እስከ አምስት ካለው አንድ ቁጥር በዕጣ ወጣ፣ ከዚያ በየአምስተኛው ተወስዶ 12 ሱቅ ተመረጠ። በእያንዳንዱ ሱቅ 10 ሰው፣ በድምሩ 120።

ይህ 120 ምን ያህል ያስተማምናል? ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ተመርጠው ቢሆን ኖሮ፣ ግማሽ ያህሉ የሰጡት መልስ ዘጠኝ የመቶኛ ነጥብ ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዛነፍ ይችላል። ግን በአንድ ሱቅ የሚገዙ አሥር ሰዎች ይመሳሰላሉ፤ አንድ ባለሱቅ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ጎዳና ነው። መመሳሰሉ ትንሽ፣ 0.05 እንኳ ቢሆን 1 + 9 × 0.05 = 1.45 ነው፤ 120 ለ1.45 ሲካፈል 83 ገደማ ስለሚሆን 120 ሰው የ83 ሰው ያህል ብቻ ይናገራል፣ መዛነፉም ወደ አሥራ አንድ ነጥብ ያድጋል። ስለዚህ ሁለት መልሶች በአምስት ወይም በስድስት ነጥብ ቢበላለጡ አንዱ በልጧል ብሎ መጻፍ አይቻልም። ቡድኑ ይህን በዘዴው ምዕራፍ ላይ አስቀድሞ ጻፈው፤ ውጤት ከታየ በኋላ የሚጻፍ ገደብ ሰበብ ይመስላልና።

በሱቁ ደጃፍ

የመጀመሪያው ቀን ባለሱቆች ፊት ነሡ። ደብተር ይዞ ሰው የሚያስቆም ወጣት ከገቢዎች የመጣ ይመስላል። ከትምህርት ክፍሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የሠራው፣ ባለሱቁ መጠይቁን ራሱ አንብቦ ስለ ሽያጩ፣ ስለ ትርፉና ስለ ግብር አንድም ጥያቄ እንደሌለ ማየቱ ነው። ወረቀቱን በእጁ ይሰጡታል፣ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። አንድ ባለሱቅ እምቢ ካለ በዝርዝሩ የሚቀጥለው ይተካል፤ እምቢታው ግን ይመዘገባል።

ደንበኛው የሚጠየቀው ባለሱቁ በማይሰማበት ርቀት፣ ማዕዘኑን ዞሮ ነው። ባንኮው አጠገብ በተደረገው ሙከራ ስለ ሚዛን የተጠየቀ ሁሉ አመስግኖ ነበር። ነገ ተመልሶ ከዚያው ሰው የሚገዛ፣ ምናልባትም ስሙ በደብተሩ ላይ ያለ ደንበኛ ሌላ ምን ይበል?

ከሱቁ የሚወጣው በየሦስተኛው ሰው ይጠየቃል። ጠያቂው ራሱ ይምረጥ ከተባለ እኩያውን፣ ፈገግ ያለውንና ያልተሸከመውን ይመርጣል። ሰዓቱም ተከፋፈለ፤ ከአሥሩ ሦስቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሦስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ አራቱ ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት። ምሽት ከመሸ በኋላ ብዙ ግዢ ቢኖርም በጨለማ ሰው ማስቆም ለማንም አይመችም፤ ስለዚህ የምሽት ገዢ እንዳልተያዘ ተጽፏል። ቅዳሜ የተለየ ቀን ነው። ብዙ ቤተሰብ እህልና በርበሬውን ከቅዳሜ ገበያ ስለሚሸምት ከሰፈር ሱቅ የሚገዛው የጎደለውን ብቻ ነው፤ የቅዳሜ መልስ ከሌላው ቀን ጋር ሳይለይ ቢደመር የዕቃ መሟላት የማያስፈልግ ይመስላል። ጾምም እንዲሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዘይት፣ ሽሮና ምስር ከፍ ይላሉ፣ ወተትና እንቁላል ይወርዳሉ። ጠቅላላው መረጃ ከጾሙ ውጭ እንዲሰበሰብ የተደረገው ለዚህ ነው። ረቡዕና ዓርብን ግን ማስቀረት አይቻልም፣ ቀኑ በየመጠይቁ ላይ ይጻፋል።

ያልታሰበው ትልቁ ክፍተት ልጆች ነበሩ። ከሱቅ ከሚወጣው ብዙው የተላከ ልጅ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ወላጅ ሳይፈቅድ መጠየቅ አይገባም፣ ቢጠየቅም ሱቁን የመረጠው እሱ አይደለም። ግን ልጁ ሲዘለል የላከችው እናት ትቀራለች፤ እሷ ደግሞ ሱቁን የምትመርጠው ራሳቸው ከሚሄዱት በተለየ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል በተመረጡት ሱቆች አካባቢ ስምንት ቤት ተሄዶ፣ ልጅ የሚልኩ እናቶችና አያቶች ጋር ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ ተደረገ። አራት ባለሱቆችም ተጨመሩ።

በቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅ ላይ የጥያቄው አቀራረብ ሁሉንም ይወስናል። ከአንዲት እናት ጋር የተደረገው እንዲህ ነበር፦

«እትዬ፣ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ?»
«ኧረ በስመአብ! እኔ ዱቤ አልወድም።»
«ይቅርታ እትዬ። እዚህ ሰፈር ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ባለሱቁ ምን ያደርጋል?»
«እሱማ ደግ ነው፣ ይጽፋል። ደመወዝ እስኪደርስ ይጠብቃል። እኔም ባለፈው ዘይቱን እንዲሁ ነው ያመጣሁት።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ክብርን ይነካል፣ ሁለተኛው ስለ ሰፈሩ ያስወራል። ከዚህ በኋላ በካርዱ ላይ «ዱቤ» የሚለው «ሲያጥር ጽፎ የሚጠብቅ» በሚል ተተካ፤ ለውጡ በመሰብሰቡ መጀመሪያ ላይ በመሆኑ በድሮው ካርድ የተጠየቁት ለብቻ ተቀምጠው ከቆጠራው ወጡ፣ በቁጥራቸውም ልክ ሌሎች ተጠየቁ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መልስ አንድ ላይ መደመር አይቻልም።

መልሱ ሲመደብ

ክፍት መልሶች መጀመሪያ ሲመደቡ ትልቁ ክምር «ጥሩ አቀባበል» ሆነ። ይህን ይዞ ወደ ማጠቃለያ መሄድ ቀላል ነበር፤ «ባለሱቆች ደንበኛን በፈገግታ ያስተናግዱ» የሚል ምክርም ይወጣዋል። የመመረቂያ ወረቀት ሁሉ ይህን ይላል፣ ባለሱቅ ግን ምንም አይጠቀምበትም። ቡድኑ ጠያቂዎቹን «ምን ሲያደርግ ነው?» ብለው እንዲከታተሉ አድርጎ ስለነበር ክምሩ ሊበተን ቻለ። ከውስጡ የወጡት ድርጊቶች ናቸው፦ የተላከን ልጅ እንደ አዋቂ በትክክለኛ ሚዛንና መልስ መሸኘት፣ ለትልቅ ብር ዝርዝር ሲጠየቅ አለማጉረምረም፣ የዱቤ ዕዳን ሰው ፊት አለማንሳት፣ ወረፋ ላይ የቆመን ትቶ የሚያውቁትን አለማስቀደም።

ከእነዚህ ውስጥ ልጅ የሚልኩት ቤቶች አጥብቀው የተናገሩት የመጀመሪያውን ነው። ሁለት ሱቅ እኩል ርቀት ላይ ካሉ ልጃቸውን የሚልኩት ገንዘቡ ወይም ዕቃው ሳይጎድል ወደሚመለስበት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም። ይህ በደጃፍ መጠይቁ ላይ ጎልቶ አልታየም፣ ምክንያቱም ልጆቹ አልተጠየቁም። ቤት ለቤት ያለው ክፍል ባይጨመር ኖሮ ጥናቱ ይህን ጨርሶ ያጣው ነበር።

በስልክ መክፈልም እንዲሁ በአንድ መንገድ ብቻ ቢታይ ያሳስታል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሱቅ ይቀበላል፤ በካርድ ምርጫው ላይ ግን «ቢቀር ግድ የለኝም» ተብሎ በብዛት የተነሣው እሱ ነው። ያለፈው ሳምንት ግዢ ሲተረክ ደግሞ ዝርዝር ሲጠፋ መፍትሔው እሱ ሆኖ ይመጣል፤ ባለሱቁ የቀረውን በስልክ ይልካል ወይም ደንበኛው በስልክ ይከፍላል። ሰው የፈለገው መክፈያውን ሳይሆን መልሱ በከረሜላ እንዳይተካ ነው። ካርዱ ብቻ ቢኖር «ደንበኞች የስልክ ክፍያ አይፈልጉም» ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ፈታኙ የጠየቁት «አስተማማኝነቱን በክሮንባክ አልፋ ለምን አላሳያችሁም?» የሚል ነበር። አልፋ የሚሠላው አንድን ነገር የሚለኩ ብዙ ጥያቄዎች በአንድ ሚዛን ሲኖሩ ነው፤ ለካርድ ምርጫና ለተተረከ ግዢ አይሆንም። በምትኩ ሁለት ተማሪዎች የአርባ ሰው ክፍት መልስ ሳይነጋገሩ ለየብቻ መደቡ፣ ስምምነታቸውም በኮኸን ካፓ ተለካ። ብዙዎች ከ0.6 በላይ ሲሆን ይቀበሉታል። የተለያዩባቸው መልሶች ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ አብዛኞቹ በ«ዋጋ» እና በ«ሚዛን» መካከል ነበሩ፣ ምክንያቱም «ውድ ነው» የሚል ሰው አንዳንዴ ዋጋውን፣ አንዳንዴ የጎደለውን ኪሎ ማለቱ ነው። መመደቢያው ላይ ለሁለቱ መለያ ምሳሌ ተጨምሮ እንደገና ተመደበ።

ተከራይ ተማሪዎችንና የቆዩ ነዋሪዎችን ለማነጻጸር የተደረገው ሙከራ ግን ብዙ አልሄደም። ከአርባ ሰው በታች በሆነ ክፍል መዛነፉ ከአሥራ አምስት ነጥብ በላይ ነው፤ በሠንጠረዡ አንዳንድ ሳጥኖችም የሚጠበቀው ቁጥር ከአምስት በታች ሆኖ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው የካይ ስኩዌር ፈተና አልሠራም። በጽሑፉ ላይ የቀረው አንድ ልዩነት ብቻ ነው፣ ሲያጥር ጽፎ መጠበቅ፤ እሱም ከቁጥሩ ይልቅ በቃለ መጠይቆቹ ውስጥ ምክንያቱ ስለተነገረ ነው። ባለሱቆቹ ሰኔ ላይ ከሰፈር ለሚወጣ ተከራይ ደብተር እንደማይከፍቱ፣ ለቆየ ነዋሪ ግን እንደሚከፍቱ ራሳቸው ተናግረዋል።

በመጨረሻም ርዕሱ ተቀየረ። «የጎንደር ከተማ ነዋሪዎች» የሚለው ወጥቶ «በማራኪ አካባቢ የተመረጡ ሱቆች የቀን ደንበኞች» ሆነ። ምክሩም ለባለሱቅ በሚሆን መጠን ጠበበ፤ ልጅ ሲላክ የዕቃውን ስምና የተመለሰውን ገንዘብ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት፣ ከማታው ግዢ በፊት ዝርዝር ማዘጋጀት፣ የዱቤ ዕዳ ሲጠየቅ ሰው በሌለበት ማንሳት። ደንበኛው ከሌላ ቦታ የሚገዛበት ምክንያት ግን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ በከፊል ብቻ ስለሚታይ፣ ጨርሶ ወደ ሰፈር ሱቅ የማይመጡት ቤቶች ለቀጣይ ጥናት ቤት ለቤት እንዲጠየቁ ተብሎ ተተወ።